ከኪሳራ በፊት የተደረጉ አድሏዊና አጭበርባሪ ግብይቶች

ከኪሳራ በፊት የተደረጉ አድሏዊና አጭበርባሪ ግብይቶች የሚባሉት፣ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ድርጅት ከመፍረሱ በፊት ሀብቱን ለአንዳንድ ሰዎች አሳልፎ የሰጠባቸውና በኋላ ፍርድ ቤት ሊሽራቸው የሚችላቸው ድርጊቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእንግሊዝና ዌልስ በሥራ ላይ ባለው የ1986 የኪሳራ ሕግ ላይ ነው።

ድርጅት ሲፈርስ ሂሳብ አጣሪ ይሾማል። አጣሪው ንብረቱን ሰብስቦ ይሸጣል፤ ዋስትና የሌላቸው ተራ ገንዘብ ጠያቂዎችም የቀረውን በዕዳቸው መጠን ይካፈላሉ። የድርጅቱ ኃላፊ መጨረሻው መቅረቡን አውቆ ወዳጆቹን አስቀድሞ ከከፈለ ግን አጣሪው የሚያገኘው ባዶ ካዝና ይሆናል። ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያየው ለዚህ ነው።

== ሁለቱ ዋና ዓይነቶች ==

የመጀመሪያው ከዋጋ በታች የተደረገ ግብይት ነው። ድርጅቱ ንብረቱን በስጦታ ከሰጠ ወይም ከዋጋው እጅግ ባነሰ ገንዘብ ከሸጠ በዚህ ሥር ይወድቃል። አጣሪው መለስ ብሎ የሚያየው ማፍረሱ ከመጀመሩ በፊት ያለውን 2 ዓመት ነው።

ሁለተኛው አድልዎ ነው። እዚህ ላይ ዕዳው እውነተኛ ነው፤ ጥፋቱ አንዱን ገንዘብ ጠያቂ ከሌሎቹ አስቀድሞ መክፈል ነው። ጊዜው በመደበኛ 6 ወር ሲሆን፣ ተከፋዩ እንደ ሥራ አስኪያጁ ወይም ዘመዱ ያለ የድርጅቱ ቅርብ ሰው ከሆነ ወደ 2 ዓመት ይረዝማል።

በሁለቱም ድርጅቱ በጊዜው ዕዳውን መክፈል የማይችል የነበረ ወይም በግብይቱ ምክንያት የማይችል የሆነ መሆን አለበት።

== ምሳሌ ==

አንድ የቤት ዕቃ አምራች ድርጅት 150,000 ፓውንድ ዕዳ አለበት እንበል፤ ለእንጨት አቅራቢ 70,000፣ ለጭነት አመላላሽ 30,000፣ ለሥራ አስኪያጁ ወንድም ደግሞ 50,000። ያለው ሀብት 50,000 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብና 25,000 የሚያወጣ የጭነት መኪና ነው። በእኩልነት ቢከፋፈል እያንዳንዱ የዕዳውን ግማሽ ያገኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ግን ለወንድሙ 50,000ውን ሙሉ በሙሉ ከፍሎ መኪናውን ለሚስቱ በ5,000 ሸጠ። ከ8 ወር በኋላ ድርጅቱ ሲፈርስ የቀረው 5,000 ፓውንድ ብቻ ነው። አቅራቢው ከ70,000 ውስጥ 3,500፣ አመላላሹ ከ30,000 ውስጥ 1,500 ብቻ ይደርሳቸዋል።

አጣሪው የባንክ መግለጫዎችንና የሂሳብ መዝገቦችን ሲመረምር ሁለቱን ድርጊቶች ያገኛል። በመጀመሪያ ገንዘቡ እንዲመለስ በደብዳቤ ይጠይቃል፤ እምቢ ካሉ ለፍርድ ቤት ያመለክታል። ፍርድ ቤቱ ወንድምየው 50,000ውን፣ ሚስትየው የዋጋውን ልዩነት 20,000 እንዲመልሱ ሊያዝ ይችላል። ያን ጊዜ ሀብቱ እንደገና 75,000 ይሆናል። የወንድምየውም ዕዳ ነፍስ ይዘራል፤ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ 25,000 ያገኛል። ከአጣሪው ወጪ በስተቀር ሁሉም መጀመሪያ ወደሚገባቸው ድርሻ ይመለሳሉ። ወንድምየው ባዕድ ሰው ቢሆን ኖሮ ግን 6 ወሩ ስላለፈ ክፍያው አይነካም ነበር።

== የፍላጎት ጥያቄ ==

አድልዎን ለማስረዳት ክፍያው ብቻውን አይበቃም። ድርጅቱ ተከፋዩን ለመጥቀም በመፈለግ እንደተገፋፋ መታየት አለበት። በ1990 የተወሰነው የኤምሲ ቤከን ጉዳይ ይህን ያብራራል። የአሳማ ሥጋ ነጋዴ የነበረው ይህ ድርጅት ዋና ደንበኛውን ካጣ በኋላ ለባንኩ ንብረቱን በዋስትና ሰጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ዳኛው ሚሌት ዋስትናውን አልሻሩትም። ኃላፊዎቹ ዋስትናውን የሰጡት ባንኩ ብድሩን እንዳያቋርጥባቸው ነበር፤ ባንኩን ለመጥቀም አልነበረም። ስለዚህ በገንዘብ ጠያቂ ግፊት የተደረገ ክፍያ ብዙ ጊዜ ይጸናል። ለቅርብ ሰው የተደረገ ከሆነ ግን ፍላጎቱ እንዳለ ይገመታል፤ አለመኖሩን ማስረዳት የተከፋዩ ፈንታ ነው።

አጣሪዎች በተለይ የሚጠራጠሩት አንድ ክፍያ አለ፤ ሥራ አስኪያጁ በግሉ ዋስ የሆነበት የባንክ ብድር ከሌሎቹ ዕዳዎች ቀድሞ ሲከፈል። ገንዘቡ የሄደው ለባንክ ቢሆንም ነጻ የወጣው ዋሱ ነው፤ ሕጉም ዋስን መጥቀምን እንደ አድልዎ ይቆጥራል።

== ገደቦች ==

ከዋጋ በታች የተደረገው ግብይት በቅን ልቦና፣ ለንግዱ ሥራ ሲባልና ድርጅቱን ይጠቅማል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ኖሮ ከሆነ አይሻርም። ንብረቱን በኋላ በቅን ልቦና ዋጋ ከፍሎ የገዛ ሦስተኛ ወገንም ይጠበቃል። በሌላ በኩል፣ ዓላማው ሀብትን ከገንዘብ ጠያቂዎች ማሸሽ እንደነበር ከተረጋገጠ፣ ከዋጋ በታች የተደረገው ግብይት የ2 ዓመቱ ገደብ አይመለከተውም፤ ድርጅቱ በጊዜው መክፈል ይችል የነበረ ቢሆን እንኳ ሊሻር ይችላል።