የሉህማን የወረቀት መዝገብ

ጀርመናዊው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ኒክላስ ሉህማን እ.ኤ.አ. በ1998 ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ፣ ካሳተማቸው እጅግ ብዙ ድርሳናት ሌላ፣ 90,000 ያህል ቁራጭ ወረቀቶች የተደረደሩባቸውን መሳቢያዎች ትቶ ነበር፤ እነሱም ዛሬ በቢለፌልድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

መጽሐፍ በሚያነብበት ጊዜ የገጹን ቁጥርና ጥቂት ቃላትን ብቻ በአንዲት ወረቀት ላይ ያሰፍር ነበር። ንባቡ ካበቃ በኋላ ወደዚያች ወረቀት ተመልሶ፣ ያገኘው ነገር ቀድሞ ከጻፈው ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ እየመረመረ፣ በራሱ አነጋገር፣ አንዱን ሐሳብ በአንድ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። ምስጢሩ ያለው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ብዙዎቻችን ማስታወሻችንን «ታሪክ»፣ «ንግድ» እያልን በየርዕሱ እንከፍለዋለንና፣ የተከፈለው ሁሉ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

ለምሳሌ አንድ አንባቢ፣ በአገራችን ገበያ ማርትሬዛ ብር ተቀባይነት የነበረው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን፣ በንግሥቲቱ ሥዕል ላይ ያሉት የጌጥ ፍሬዎች ሳይደበዝዙ በመታየታቸውም ጭምር መሆኑን ያነብባል እንበል። ይህንን በ12 ቁጥር ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ በ13 ላይ ስለ ሌላ ጉዳይ ይቀጥላል። ከወራት በኋላ ስለ ነገሥታት ደብዳቤ ሲያነብ፣ ተቀባዩ ጸሐፊውን በዓይኑ ባያየው እንኳ ማኅተሙን አይቶ እንደሚያምን ያስተውላል፤ ይኸኛው ሐሳብ በርዕስ ቢለይም በባሕርይ ከ12 ጋር ዘመድ ነውና 12ሀ ተብሎ በ12 እና በ13 መካከል ይገባል። ኋላም ምልክት በታመነ መጠን አስመሳዩም ይበረታል የሚል ተቃውሞ ቢያገኝ፣ 12ሀ1 ብሎ ከማኅተሙ ቀጥሎ ያኖረዋል። እንግዲህ ሰዎች ሰነድን ለምን ያምናሉ የሚል ጽሑፍ ሊያሰናዳ በተቀመጠ ጊዜ፣ ሦስቱ ወረቀቶች ከነክርክራቸው ተያይዘው ይቆዩታል።

ማውጫውም ቢሆን አጭር መሆን አለበት፤ ሉህማን ለአንድ ቃል ጥቂት የመግቢያ ቁጥሮችን ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚመራው የወረቀቶቹ ትስስር ነው። ሥራው የሚበላሸው አንባቢው የደራሲውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ መገልበጥ ሲጀምር ነው፤ ይህንንም ለማወቅ መጽሐፉን ከድኖ ወረቀቷን ብቻዋን ማንበብ ይበቃል፣ መጽሐፉ ካልተገለጠ የማትገባ ከሆነች ገና አልተጻፈችምና።

ድካሙ ቀላል እንዳይመስል፤ ሉህማን ራሱ መጻሕፍቱን ከመጻፍ ይልቅ መዝገቡ የበለጠ ጊዜ እንደሚወስድበት ተናግሯል። በሚመጣው ወር ለሚፈተን ተማሪ ይህን ማዘዝ አግባብ አይመስለኝም፤ የመጀመሪያዎቹ መቶ ወረቀቶች እርስ በርሳቸው ብዙም አይነጋገሩምና፣ ለእሱ አንድ ደብተር ይበቃዋል።