የ25 ዓመቱ ዋስትና ምን ይላል?

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሙቀቱን ነው። በዚህ የይፋት ቆላ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ናፍጣውን ትቶ ሶላር ፓምፕ ሊገዛ ሲያስብ፣ ሻጩ ከዋጋው ቀጥሎ የሚነግረው «25 ዓመት ዋስትና አለው» ብሎ ነው። ሻጩ አልዋሸም። ቁጥሩ በፓነሉ መግለጫ ላይ በእርግጥ ተጽፏል። የሚያከራክረው ዋስትና የተሰጠው ለምኑ ነው የሚለው ነው።

ወረቀቱ ሲነበብ ሁለት ዋስትናዎች ይገኙበታል። የመጀመሪያው የምርት ዋስትና ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያል። ፓነሉ በአሠራር ጉድለት ቢላቀቅ፣ የጀርባው ሽፋን ቢሰነጠቅ ወይም የገመድ ሳጥኑ ቢቃጠል የሚያገለግለው ይኸኛው ነው። 25 ዓመት የሚባለው ግን የአፈጻጸም ዋስትና ነው፤ የሚለውም የፓነሉ ኃይል በየዓመቱ ከተሰመረለት መስመር በታች አይወርድም ብቻ ነው። ስለዚህ የምርት ዋስትናው በ12 ዓመት ካበቃ፣ በ16ኛው ዓመት ጀርባው የተሰነጠቀ ፓነል ዋት እስካልጎደለው ድረስ ወረቀቱ አይመለከተውም።

በብዙ ፓነሎች ላይ መስመሩ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 2 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 0.55 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። የመጀመሪያው ዓመት ለብቻው የተነጠለው አንዳንድ የሲሊኮን ዓይነቶች ብርሃን ባዩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ኃይል ስለሚቀንሱ ነው። እያንዳንዳቸው 400 ዋት የሆኑ 10 ፓነሎች፣ በጠቅላላው 4,000 ዋት፣ ተገዙ እንበል። መስመሩ በዓመቱ 3,920፣ በ10ኛው ዓመት 3,722፣ በ25ኛው ዓመት 3,392 ዋት ላይ ይገኛል። ይህም ከመነሻው 84.8 በመቶ ያህል ነው።

ቁጥሩ ያማረ ነው፤ ግን የተለካው የሴሉ ሙቀት 25 ዲግሪ በሆነበት ቤተ ሙከራ ነው። የሸዋ ሮቢት አየር 33 ዲግሪ ሲደርስ፣ ቀትር ላይ በሙሉ ፀሐይ ያለ ሴል 65 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ሙቀቱ ከ25 በላይ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 0.35 በመቶ ያህል ኃይል ይጠፋል። በ40 ዲግሪ ልዩነት 14 በመቶ መሆኑ ነው። ስለዚህ አዲሶቹ ፓነሎች በተተከሉበት ዕለት ቀትር ላይ የሚሰጡት 3,440 ዋት አካባቢ ነው፤ ወረቀቱ ለ25 ዓመት እርጅና ከፈቀደው ኪሳራ ጋር የሚቀራረብ ኪሳራ በመጀመሪያው ቀን ደረሰ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ አየሩ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ ያው ፓነል 9 በመቶ ብቻ ያጣል። የሙቀት ኪሳራ እርጅና አይደለም፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ዋስትናውም አይነካውም። አቧራም እንዲሁ። ሽንኩርቱ ግን ውኃ የሚጠጣው በቀትሩ ዋት እንጂ በቤተ ሙከራው ዋት አይደለም።

እውነተኛው እርጅና ወዴት ነው? ሲሊኮኑ ራሱ በጣም በዝግታ ነው የሚያረጀው። የሚያረጁት ሴሎቹን ከመስታወቱ ጋር ያጣበቀው ፕላስቲክ፣ የጀርባው ሽፋንና ሴል ከሴል ያገናኘው ብየዳ ናቸው። ፕላስቲኩ በፀሐይና በሙቀት ይቢጫል፣ ብርሃን ያግዳል፤ ብየዳው ቀን እየተለጠጠ ሌሊት እየተኮማተረ ይደክማል። በስዊዘርላንድ ሉጋኖ በ1982 እ.ኤ.አ. የተተከለ 10 ኪሎዋት ጣቢያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ፓነሎቹ ከአንድ አምራች የወጡና አንድ ዓይነት ነበሩ፤ የማጣበቂያው ፕላስቲክ ግን ከሦስት ምንጭ የመጣ ነበር። ከ35 ዓመት በኋላ ሲለኩ አንዱ ቡድን በሚገባ ቆይቶ ተገኘ፣ ሌሎቹ ደግሞ ብዙ ርቀው ወደቁ። ገዢ ደግሞ ፕላስቲኩን አይቶ መለየት አይችልም።

በዓለም ዙሪያ የተለኩ ወደ 2,000 የሚጠጉ የእርጅና መጠኖችን አሜሪካዊያን ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ሰብስበው ነበር። ግማሾቹ በዓመት ከ0.5 በመቶ በታች ቀንሰው ተገኙ። አማካዩ ግን 0.8 በመቶ ነበር፤ ጥቂት በጣም መጥፎ ፓነሎች ወደ ላይ ጎትተውታል። ሙቀት የፕላስቲክን ለውጥ ስለሚያፋጥን፣ የይፋት ገበሬ ሲያሰላ 0.8ን ቢይዝ እመርጣለሁ።

ፓነሉ ከመስመሩ በታች ቢወርድስ? በ10ኛው ዓመት ለአንዱ ፓነል የተሰመረው 372 ዋት ነው። ብዙ ውሎች የመለኪያውን ስህተት ለአምራቹ ይቆጥሩለታል፤ 3 በመቶ ከሆነ 11 ዋት ይሆናል። ስለዚህ 365 ዋት የሚለካ ፓነል ከመስመሩ በታች ቢሆንም ክርክሩን ይሸነፋል፤ ለማሸነፍ ከ361 መውረድ አለበት። 340 ወረደ እንበል። አምራቹ እንደ ምርጫው ፓነሉን ይተካል፣ ወይም የጎደለውን 32 ዋት ዋጋ ይከፍላል። ምርመራው፣ ማውረጃውና ማጓጓዣው በአብዛኛው የባለቤቱ ዕዳ ነው። ለ32 ዋት ብሎ ፓነል ወደ ቤተ ሙከራ የሚልክ ገበሬ አይኖርም። ያውም አምራቹ ከኖረ ነው፤ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የነበረው የሰንቴክ ዋና ድርጅት በ2013፣ የጀርመኑ ሶላርወርልድ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸዋል።

እንደ ሸዋ ሮቢት ሁሉ በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ በ1999 ዓ.ም. ገደማ በጀርመኑ የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን አማካይነት በቤት ለቤት ሶላር ስትበራ፣ የእያንዳንዱ ቤት ፓነል 10 ዋት ያህል ነበር። በ25 ዓመት 15 በመቶ ቢጎድል አንድ ዋት ተኩል ነው። በዚህ መጠን የአፈጻጸም ዋስትና የማንንም መብራት አያስመልስም፤ የሚጠቅመው ቅርብ ያለ ጠጋኝ ነው።

ስለዚህ መለካት የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ቀጥተኛ ጅረት የሚያነብ ክላምፕ ሜትር ይበቃል። ፓነሎቹ ከታጠቡ በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀትር፣ ፓምፑ ጠፍቶ እያንዳንዱ ፓነል ለብቻው ይለካል። ፓምፑ እየሠራ ማገናኛ ከተነቀለ ግን ብልጭታው እጅ ያቃጥላል። ባለ 400 ዋቱ ፓነል ባዶውን በቤተ ሙከራ 37 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ በቆላው ቀትር 33 ቢሆን ጤነኛ ነው። ዘጠኙ 33 ብለው አንዱ 22 ካለ፣ ከሦስቱ የሴል ረድፎች አንዱ ወጥቷል፤ ብዙ ጊዜ በገመድ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዳዮድ ነው። ቮልቱ ደህና ሆኖ፣ የፓነሉ ሁለት ጫፎች ተገናኝተው የሚነበበው አምፔር ከጎረቤቶቹ በግልጽ ካነሰ፣ የቢጫ ፕላስቲክ ወይም የተሰነጠቀ ሴል ምልክት ነው። የተተከሉ ዕለት የተለካው ቁጥር ከተከታታይ ቁጥራቸው ጋር ደብተር ላይ ካልሰፈረ ግን፣ ከዓመታት በኋላ የሚነጻጸር ነገር አይኖርም።

እርጅናው ሜዳ ላይ የሚታየው ውኃው በእኩል መጠን በመቀነሱ ብቻ አይደለም። ፓምፕ ውኃን ወደ ላይ ለማንሳት የሚበቃ ኃይል እስኪያገኝ ድረስ ምንም አያወጣም፤ ስለዚህ ያረጁ ፓነሎች ጠዋት ዘግይተው ያስጀምሩታል፣ ከሰዓትም ቀድመው ያቆሙታል። በ25ኛው ዓመት የቀትሩ ኃይል፣ መስመሩ ቢጠበቅ እንኳ፣ 2,917 ዋት ነው። መፍትሔው ከመነሻው አንድ ሁለት ፓነል አብልጦ መግዛት ነው፤ ግን የመቆጣጠሪያው ልክ መታየት አለበት። ከፍተኛው 450 ቮልት ከሆነና እያንዳንዱ ፓነል በቀዝቃዛ ጠዋት 38 ቮልት ከሰጠ፣ አሥር ፓነል በተከታታይ 380፣ አሥራ አንድ 418 ይሆናል። አሥራ ሁለተኛው 456 ያደርሰዋል፤ የሚቃጠለውም መቆጣጠሪያው ነው።