አፈሩ ይቆረጥ ወይስ ተክል ያጽዳው?

የፋብሪካ ፍሳሽ በተቀላቀለበት ወንዝ የሚለማ የመስኖ ማሳ አፈሩ ተመርምሮ ውጤቱ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲደርስ፣ ወረቀቱ ላይ የሠፈረው ቁጥር ብቻውን ምን መደረግ እንዳለበት አይናገርም። «ካድሚየም፦ 2.5 ሚሊግራም በኪሎግራም» ይላል እንበል። አርሶ አደሩ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ አፈሬ ተቆርጦ ይነሳል ወይስ መርዙን የሚስብ ተክል ይዘራበታል? ጥያቄው ለክልላችን ሩቅ አይደለም። ኮምቦልቻን አቋርጠው ወደ ቦርከና የሚገቡት ወንዞች ከቆዳና ከሌሎች ፋብሪካዎች የሚወጣ ፍሳሽ ይቀላቀላቸዋል፤ ከታች ደግሞ በዚሁ ውኃ የሚያለሙ አርሶ አደሮች አሉ።

ይህን ውሳኔ በሁለቱም መንገድ የሞከረች አገር ጃፓን ናት። በቶያማ ግዛት በጂንዙ ወንዝ ዳር ያሉ የሩዝ ማሳዎች ከላይ ከሚገኘው የካሚዮካ ማዕድን ማውጫ በወረደ ካድሚየም ተበክለው ነበር። የአካባቢው ሰዎች፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች፣ አጥንታቸው እየሳሳ በሚሰበር እጅግ በሚያሠቃይ በሽታ ተጠቁ። መንግሥት እርምጃ የሚወሰድበትን ማሳ ሲለይ መለኪያ ያደረገው ግን አፈሩን ሳይሆን ሩዙን ነው። አንድ ኪሎ ሩዝ 1 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ካድሚየም ከተገኘበት ያ ማሳ እንዲታከም ተወሰነ።

ምክንያቱም ቀላል ነው። እኩል ካድሚየም ካላቸው ሁለት ማሳዎች አሲዳማው ብዙውን ለሰብል ሲያሳልፍ፣ በኖራ የታከመው አብዛኛውን ይዞ ያስቀራል። የአውሮፓ ኅብረት የፍሳሽ ዝቃጭ ለሚደፋበት የእርሻ አፈር ያወጣው መመሪያ የካድሚየም ጣሪያን ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ ቁጥሩ የሚሠራው ፒኤቹ ከ6 እስከ 7 ለሆነ አፈር ነው ማለቱም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከአፈሩ ውጤት ጎን የፒኤች ልኬትና ከዚያው ማሳ የተወሰደ የሰብል ናሙና ሊኖር ይገባል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል አትክልት የፈቀደው ካድሚየም በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው። ሰላጣው ወይም ቆስጣው ከዚህ ካለፈ ለገበያም ለቤትም መቅረብ የለበትም።

በጂንዙ የተመረጠው አፈሩን መቀየር ነበር። በአንዳንዱ ማሳ የተበከለው አፈር እዚያው በጥልቀት ተቀብሮ በላዩ ንጹሕ አፈር ለበሰ፤ በሌላው ንጹሕ አፈር ብቻ ከላይ ተደፋ። 863 ሄክታር ታክሞ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጠናቀቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶ፣ 40 ቢሊዮን የን ገደማ ወጪ ጠይቆ ነበር።

በኋላ የአገሪቱ ተመራማሪዎች ሁለተኛውን መንገድ ሞከሩ። ቾኮኮኩ የሚባል ካድሚየም አብዝቶ የሚስብ የሩዝ ዝርያ ዘሩ። ውኃ የተኛበት ማሳ ካድሚየሙን ስለሚያስርባቸው ውኃውን አጠነፈፉት፤ ከዚያም ሰብሉን አጭደው ከማሳው አወጡት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሄክታር 883 ግራም ካድሚየም ወጣ፤ የአፈሩም መጠን ከ1.63 ወደ 1.01 ሚሊግራም ወረደ። ለካድሚየም እንዲህ ያለ ውጤት ብርቅ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ልኬት ወደ አንድ ጥማድ፣ ማለትም ወደ ሩብ ሄክታር፣ እናምጣው። የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ክብደቱ 650 ቶን ያህል ነው። ውጤቱ 2.5 ከሆነና ወደ 1 ሚሊግራም ማውረድ ከተፈለገ፣ መውጣት ያለበት ካድሚየም 975 ግራም ይሆናል። ተክሉ የጃፓኑን ያህል ቢስብ በዓመት ከዚህ ማሳ የሚያወጣው 110 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ይወስዳል፤ በቀላሉ የሚሳበው ካድሚየም መጀመሪያ ስለሚያልቅ እንዲያውም ከዚያ ሊረዝም ይችላል። አርሶ አደሩ በእነዚህ ዓመታት ከማሳው የሚበላ ነገር አያገኝም። ወሰኑ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡ ሌላ መሬት ወይም ካሳ አግኝቶ ሊጠብቅ የሚችለው ስንት ዓመት ነው? አምስት ዓመት ከሆነ፣ በዚህ ስሌት ተክል ሊያጸዳው የሚችለው ውጤቱ ከ1.8 ሚሊግራም ብዙም ያላለፈ ማሳን ብቻ ነው።

ብረቱ እርሳስ ሲሆን ስሌቱ ሌላ መልክ ይይዛል። በዚያው ጥማድ እርሳስን ከ1,000 ወደ 300 ሚሊግራም ለማውረድ 455 ኪሎ እርሳስ መውጣት አለበት። እርሳስ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ አንድ ተክል በደረቅ ኪሎው 100 ሚሊግራም ሳበ ቢባል እንኳ፣ ከሩብ ሄክታር በዓመት ከሚታጨድ 2.5 ቶን ደረቅ ምርት የሚወጣው ሩብ ኪሎ ነው። ዓመቱን መቁጠር አያስፈልግም። ለእርሳስ ተክል ያጸዳዋል የሚል የፕሮጀክት ሰነድ የቀረበለት ወረዳ ይህን ስሌት አምጡ ሊል ይገባል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየምም አብዛኛው በሥር አካባቢ ስለሚቀር በተክል ለማውጣት አይመችም።

ክሮሚየም ሌላም ጣጣ አለው። የደጋው ጥቁር ድንጋይ የፈጠረው አፈር በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል ሊበዛበት ስለሚችል፣ ከፍ ያለ ቁጥር ሁሉ የፋብሪካ ብክለት አይደለም። ማወቂያው ከወንዙ ውኃ ከማይደርሰው፣ ነገር ግን አፈሩ ተመሳሳይ ከሆነ አጎራባች ማሳ ናሙና ወስዶ ማነጻጸር ነው። የአደገኛው የክሮሚየም ስድስት መጠንም ለብቻው እንዲለካ ላብራቶሪውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጠቅላላ ድምሩ ይህን አይለይም።

መቁረጥ ደግሞ ውድ ነው። ያ አንድ ጥማድ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቢቆረጥ 500 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል፤ ሲፈታ አብጦ ከ600 ያልፋል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና አርባ ምልልስ ገደማ ማለት ነው፤ ንጹሑን አፈር ለማምጣትም ሌላ ምልልስ አለ። የሚመጣው አፈር ለምነት ስለሌለው ለዓመታት ፍግና ኮምፖስት ይፈልጋል፤ የተነሳው የሚደፋበት ቦታም ከውኃ የራቀ መሆን አለበት።

ወጪውን የሚቀንሰው የናሙና አወሳሰዱ ነው። የመስኖ ውኃ ይዞት የመጣውን ደለል የሚጥለው በብዛት ቦዩ ማሳውን በሚገባበት አፍ ላይ ነው። ከማሳው ሁሉ የተሰበሰበ አፈር በአንድ ላይ ተደባልቆ ከተላከ ይህ ጥግ በድምሩ ውስጥ ይጠፋል። አፉ፣ መሐሉና ጭራው ለየብቻ፣ ደግሞም ከ0 እስከ 20 እና ከ20 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተለይተው ቢላኩ፣ ጥቂት ካሬ ሜትር ቆርጦ የቀረውን በኖራ ወይም በተክል ማከም የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የውኃው ምርመራ መምጣት አለበት። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለመስኖ ውኃ ያስቀመጠው የካድሚየም ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። በዚህ ጣሪያ ላይ ባለ ውኃ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ የጠጣ አንድ ሄክታር 100 ግራም ካድሚየም ይጨመርበታል። ውኃው ከጣሪያው አራት እጥፍ ከሆነ የጃፓኑ ሩዝ በዓመት የሚያወጣውን ያህል ሊመልሰው ጥቂት ነው የሚቀረው። የጂንዙ አርሶ አደሮች ከማዕድን ማውጫው ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 በፈረሙት ስምምነት ግቢው ገብተው ፍሳሹን የመፈተሽ መብት ያገኙት ለዚህ ነበር፤ በየዓመቱም ይፈትሹታል።

ተክል የተመረጠበት ወረዳ አንድ ነገር አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል፤ የታጨደው የት ይሄዳል? ገለባው ለከብት ከተሰጠ ወይም በምድጃ ከነደደና አመዱ ወደ ጓሮ ከተደፋ፣ ካድሚየሙ ከማሳው ወጥቶ ቤት ገባ ማለት ነው። የሚከማችበት የተዘጋ ቦታና የሚረከበው አካል ዘሩ ከመዘራቱ በፊት በጽሑፍ መታወቅ አለባቸው።