መነኩሴው ያየው፣ የሰማውና የፋቀው

ከለንደን በስተሰሜን በሚገኘው በቅዱስ አልባንስ ገዳም የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። ጊዜው 1209 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ከሮማው ጳጳስ ጋር ተጣልቶ ተወግዟል። ጄፍሪ የተባለ የኖርዊች ሊቀ ዲያቆናት በንጉሡ ግምጃ ቤት ተቀምጦ ሲሠራ፣ የቤተ ክርስቲያን ሹመት ያለው ሰው የተወገዘን ንጉሥ ማገልገሉ አደጋ እንዳለው ለባልደረቦቹ ይነግራቸውና ሳያስፈቅድ ወጥቶ ይሄዳል። ንጉሡ ይህን ሲሰማ አስይዞ ወህኒ ያስገባዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላም ከእርሳስ ብረት የተሠራ ካባ ያለብሰዋል፤ ሊቀ ዲያቆናቱ በረሃብና በካባው ክብደት ሕይወቱ ያልፋል።

አንደኛ ዓመት የታሪክ ተማሪዎች ይህን ሲያነቡ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወገን ይሆናሉ። አንዱ ወገን በዘመኑ የኖረ መነኩሴ ስለጻፈው እውነት ነው ይላል። ሌላው መነኩሴው ንጉሡን ስለሚጠላ ፈጠራ ነው ይላል። ሁለቱም ፍርድ የሰጡት ምርመራው ሳይጀመር ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከራሱ ከሰውዬው ነው። የኖርዊች ሊቀ ዲያቆናት የነበረው ጄፍሪ ደ በርግ ከዜና መዋዕሉ ውጭ ባሉ መዛግብት የታወቀ ሰው ነው። እነዚያን መዛግብት ስንከታተል በ1225 የኢሊ ጳጳስ ሆኖ ሲሾም እናገኘዋለን። በ1209 በእርሳስ ካባ ሥር የሞተ ሰው ከ16 ዓመት በኋላ ጳጳስ ሊሆን አይችልም። የታሪክ ምሁሩ ጋልብሬዝ በ1944 ይህንን ነጥብ አንስቶ የቅዱስ አልባንስ ጸሐፊዎች ስለ ንጉሥ ጆን በሚናገሩት ላይ ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ አሳየ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲድኒ ፔይንተር የተባለ ሌላ ምሁር በዚያ ዘመን ከኖርዊች ጋር ስማቸው የሚነሣ ጄፍሪዎች ከአንድ በላይ መሆናቸውን ጻፈ። ከእነዚህ አንዱ በግምጃ ቤቱ ያገለግል የነበረ የንጉሥ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ ወህኒ ወርዶ የሞተው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ሊቀ ዲያቆናት የሚለውን ማዕረግ ደግሞ በኋላ የጻፈው መነኩሴ በስም መመሳሰል ተሳስቶ ጨምሮበት ይሆናል። እንግዲህ በእጃችን የቀረው ይህ ነው፦ በንጉሡ እስር ቤት አንድ ጄፍሪ ሞቶ ሊሆን እንደሚችል፣ ማዕረጉ የተሳሳተ መሆኑ፣ ካባው ደግሞ ምስክር የሌለው መሆኑ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ያሉ ሦስት ነገሮች ሦስት የተለያየ ክብደት አላቸው። አንዱ ዝርዝር ስለወደቀ ታሪኩን በሙሉ የሚጥል አንባቢ፣ ሁሉንም ከሚያምነው አንባቢ ያልተናነሰ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ጸሐፊው እንምጣ። ይህን ታሪክ የምናገኘው «ታላቁ ዜና መዋዕል» ተብሎ በሚታወቀው በመነኩሴው በማቲው ፓሪስ ሥራ ውስጥ ነው። ማቲው ወደ ገዳሙ የገባው በ1217 ሲሆን እዚያው ሲጽፍ ኖሮ በ1259 ገደማ አረፈ። የካባውን ታሪክ ያመነጨው ግን እሱ አይደለም። ከእሱ በፊት የገዳሙ ታሪክ ጸሐፊ የነበረው የዌንዶቨሩ ሮጀር ነው፤ ሮጀር እስከ 1235 አካባቢ ያለውን ጽፎ በ1236 ሞተ። ማቲው የሮጀርን ጽሑፍ ገልብጦ፣ እዚህም እዚያም የራሱን ጨምሮ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ራሱ ቀጠለ። እናም ማቲው ስለ ንጉሥ ጆን እንዲህ ይላል ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሮጀርን እየጠቀሰ መሆኑን አያውቅም። ሁለቱም ጸሐፊዎች አንድ ነገር ስለተናገሩ ሁለት ምስክር አገኘሁ ካለ ደግሞ ጥፋቱ ይብሳል፤ ከሌላ የገለበጠ ምስክር ለብቻው አይቆጠርም።

እዚህ ላይ የሚረዳ ነገር አለ። ሄንሪ ሉዋርድ ከ1872 እስከ 1883 ባሳተመው ባለ ሰባት ቅጽ እትም ከሮጀር የተገለበጠው በትንንሽ ፊደል፣ የማቲው ጭማሪ በትልልቅ ፊደል ታትሟል። ላቲን የማያነብ ሰው እንኳ ገጹን በዓይኑ ቃኝቶ የማን ቃል የት እንደሚጀምር ሊለይ ይችላል። እኔ ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው፤ ትርጉም ከመክፈቱ በፊት የፊደሉን መጠን ይይ።

በትልልቁ ፊደል ከሚገኙት ጭማሪዎች አንዱ እጅግ የሚያስገርም ነው። ንጉሥ ጆን በ1213 ገደማ ሦስት መልእክተኞች ወደ ሞሮኮ ገዥ ልኮ መንግሥቱን ላስረክብ፣ እስልምናንም ልቀበል ብሎ ነበር፤ ገዥው ግን ንቆ መለሳቸው ይላል። ማቲው በዚያ ጊዜ ገና ገዳም አልገባም። ታዲያ ከማን ሰማ? ራሱ ይነግረናል፤ ከመልእክተኞቹ አንዱ የሆነው የለንደኑ ሮበርት ለወዳጆቹ ሲያወራ ማቲው በጆሮው ሰምቷል። በመጀመሪያ ሲታይ ይህ ጠንካራ ምስክርነት ነው። ነገር ግን ይኸው ሮበርት በውግዘቱ ዘመን ንጉሡ የቅዱስ አልባንስን ገዳም እንዲያስተዳድር የሾመውና መነኮሳቱ ገንዘባችንን መጠመጠን ብለው የሚጠሉት ሰው ነው። ንጉሡ ሃይማኖቱን ሊለውጥ ነበር የሚለውን ሌላ የዘመኑ ምንጭ አይደግፈውም። ወደ ሞሮኮ መልእክተኛ መሄዱ ብቻውን የማይቻል አይደለም፤ ሮበርት ያጋነነው፣ መነኮሳቱም ሲቀባበሉት ያሳደጉት የትኛው ክፍል እንደሆነ መለየት ግን አይቻልም። በእርግጠኝነት የምናውቀው ጆን ከሞተ ከዓመታት በኋላ በዚያ ገዳም ስለ እሱ ምን ዓይነት ወሬ ይታመን እንደነበር ነው። ይህ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው፤ የሚያስረዳው ግን የመነኮሳቱን አስተሳሰብ እንጂ የጆንን እምነት አይደለም።

ከ1235 ወዲህ ባለው ክፍል የማቲው ሁኔታ ይለወጣል። ቅዱስ አልባንስ ከለንደን ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ስለነበር ጳጳሳት፣ መሳፍንትና ንጉሡ ራሱ ያድሩበት ነበር። በ1247 በዌስትሚንስተር በተደረገ ታላቅ በዓል ላይ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ ማቲውን አይቶ አጠገቡ አስቀመጠውና ያየውን ሁሉ በደንብ እንዲጽፍ አዘዘው። በ1257 ንጉሡ ገዳሙ ውስጥ አንድ ሳምንት ሲቀመጥ ማቲው ከማዕዱ አልተለየም። ሆኖም ለዚህ ንጉሥ የሚራራ ብዕር አልነበረውም። ከግብሩ፣ በዙሪያው ከሰበሰባቸው የውጭ ዘመዶቹ፣ ከሮማም ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ሲሟገት ይኖራል። እኛ የለመድነው የነገሥታቶቻችን ዜና መዋዕል በአብዛኛው በቤተ መንግሥት ካህናትና ጸሐፊዎች የተጻፈ ስለሆነ ንጉሡን ወደ ማወደስ ያዘነብላል። በማቲው ላይ ሚዛኑ የሚያዘነብለው በተቃራኒው ነው፤ የሚከላከለው የገዳሙን ንብረትና መብት ነው። ስለዚህ ንጉሡን ሲወቅስ አንባቢ ይጠንቀቅ፤ ንጉሡን ሲያመሰግን ግን ከዝንባሌው ጋር የሚጋጭ ነገር እየተናገረ ነውና ቃሉ የተሻለ ክብደት አለው።

የገለበጣቸው ሰነዶችስ? ማቲው ደብዳቤና አዋጅ በብዛት ስለሰበሰበ ብዙዎች ሰነድ ሲያዩ ይዝናናሉ። የ1215ቱ የማግና ካርታ ቃል ኪዳን ዋና ቅጂዎች አራቱ ዛሬም ስላሉ ማመሳከር ይቻላል። ሮጀር በ1215 ሥር ያስገባው ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ተሻሽለው ከወጡት ቅጂዎች ጋር የተቀየጠ ነው። ማቲውም የጎደለውን ልሙላ ብሎ ከመጀመሪያው ሲጨምርበት በማንኛውም ዓመት ያልታወጀ ጽሑፍ ወጣው። የ1215ቱና የኋለኞቹ ቅጂዎች በሚገባ ተለያይተው የታተሙት ዊልያም ብላክስቶን በ1759 ባወጣው ሥራ ነው። በዚህ ውስጥ ክፋት የለም። ከፊቱ ሁለት የሚለያዩ ቅጂዎች የነበሩት ታታሪ ጸሐፊ የሠራው ስሕተት ነው፤ ለዚህም ነው ቅንነት ብቻውን ዋስትና የማይሆነው።

አሁን ወደ ብራናው ራሱ እንጠጋ። ማቲው አብዛኛውን በገዛ እጁ ጽፎታል፤ እነዚያ ብራናዎችም ዛሬ በካምብሪጅና በለንደን ይገኛሉ። አንዳንድ ገጽ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ብራናው ሻካራ ሆኗል፤ በላዩም ሌላ፣ ለዘብ ያለ ዓረፍተ ነገር ተጽፎበታል። አንዳንዱ አንቀጽ ዳር የሚያስቀይም ስለሆነ እንዲዘለል የሚል ማስታወሻ ሰፍሯል። ማቲው በዕድሜው ማምሻ ላይ በንጉሡና በታላላቅ ሰዎች ላይ የጻፈውን ኃይለ ቃል ማለዘብ ጀምሮ ነበር። ደግነቱ ከመፋቁ በፊት ሌላ ግልባጭ ተዘጋጅቶ ስለነበር ምሁራን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው የጠፋውን ቃል ያነባሉ። ስለዚህ ማቲው ምን አለ ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም፤ መጀመሪያ በንዴት የጻፈውና በኋላ ሊተርፍለት የፈለገው አሉ። የሚጠቅስ ሰው የትኛውን እንደሚጠቅስ መናገር አለበት።

እስካሁን ያየነው ማቲው ሊያሳምነን የፈለገባቸውን ክፍሎች ነው። ከሥራው ሁሉ የምወደው ግን በ1238 ሥር የሰፈረ አጭር ቃል ነው። ሞንጎሎች ወደ ምዕራብ እየገፉ ስለነበር የፍሪስላንድና የጎትላንድ ሰዎች ፈርተው እንደ ልማዳቸው ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ ሊገዙ ወደ እንግሊዟ ያርማውዝ ወደብ አልመጡም፤ ዓሣውም ገዢ አጥቶ አርባና አምሳ በአንድ ብር ሳንቲም ተሸጠ ይላል። ዋጋው መርከሱን በመናገር የሚያተርፈው ነገር የለም፤ የሚሟገትለት ወገንም የለውም። ዓሣ አዘውትሮ የሚመገብ ገዳም ደግሞ ዋጋውን ያውቃል። የገዢዎቹ መቅረትም በወደቡ ሊታይ የሚችል ነገር ነው። ያልመጡት ሞንጎሎችን ፈርተው ነው የሚለው ምክንያት ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ወሬ ነው፤ ማቲውም ሆነ ዓሣ ሻጮቹ የፍሪስላንድን ሰዎች ልብ ሊያዩ አይችሉም። ስለ ዋጋው የሚጽፍ ተማሪ ይህን ክፍል በድፍረት ይጥቀስ፤ ስለ ሞንጎሎች ፍርሃት የሚጽፍ ግን ከዚያው ከባሕር ማዶ ሌላ ምስክር ፈልጎ ይምጣ።