የበቆሎን ዕድገት ከፎቶ ማንበብ
የእርሻ ክበባችን

በናይሮቢ ዙሪያ በቆሎ የሚዘራው የመጋቢት ዝናብ ሲገባ ነው። ከዚያ በኋላ ገበሬው የሚጠይቀው፦ መቼ ልኮትኩት? ተጨማሪውን ማዳበሪያስ መቼ ልስጥ? የሚል ነው። ብዙ ጊዜ «ጉልበት ሲደርስ» ይባላል። ነገር ግን ቁመት ያታልላል። ውሃ ወይም ማዳበሪያ ያጠረው በቆሎ ዕድሜው ደርሶም አጭር ይሆናል፤ ጥላ ያለበት ደግሞ ያለ ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ እኛ የምንቆጥረው ቅጠል ነው።

የምንቆጥረው ግን ሁሉንም ቅጠል አይደለም። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ከአገዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ያለ ነጣ ያለ መስመር ይታያል። ኮሌታው የታየው ይቆጠራል፤ መሀል ላይ ገና ተጠቅልሎ ያለው አይቆጠርም። ቆጠራው የሚጀምረው ከታች፣ ጫፉ ክብ ከሆነው ከመጀመሪያው ትንሽ ቅጠል ነው።

ከላይ የተነሳ ፎቶ ኮሌታውን ይደብቃል። ስለዚህ ቁጢጥ ብለን፣ ከበቆሎው ጀርባ ነጭ ወረቀት ይዘን፣ ከጎን እናነሳለን። የአንድ ተክል ፎቶ ስለ ማሳው ሁሉ አይናገርም፤ ከተለያየ ቦታ አሥር ተክል እናነሳለን። ከአሥሩ አምስት ወይም ከዚያ በላይ የደረሱበትን ቁጥር የማሳው ዕድገት ብለን እንይዛለን።

አንዱን ፎቶ እንመልከት። ስምንት የቅጠል ጫፍ ይታያል፤ ኮሌታ ያላቸው ግን አምስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ በቆሎው ባለ አምስት ቅጠል ነው። በዚህ ጊዜ አረም ብርሃን፣ ውሃና ምግብ ይሻማዋል። ሥሩን እንዳንቆርጥ ጠለቅ ሳናደርግ ወዲያው እንኮተኩታለን። ሞቅ ባለ አየር አንድ አዲስ ኮሌታ በአራት ወይም በአምስት ቀን ይወጣል፤ ሲበርድ ይዘገያል። ከአምስት ቀን በኋላ ደግመን ፎቶ እናነሳለን።

ስድስተኛው ኮሌታ ሲታይ አገዳው በፍጥነት መርዘም፣ ናይትሮጅንም በብዛት መሳብ ይጀምራል። እዚህ ካን የሚባለውን ማዳበሪያ የምንሰጠው ያኔ ነው። ለአንድ ተክል አንድ የለስላሳ ቆርኪ፣ 5 ግራም ያህል ይበቃል፤ ለ200 ተክል 1 ኪሎ መሆኑ ነው። ከአገዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀን አድርገን አፈር እናለብሰዋለን። ቅጠሉ እምብርት ውስጥ ከገባ ያቃጥለዋል። አረሙ ሳይነሳ ከተሰጠ ደግሞ የሚበላው አረሙ ነው።

ከዚህ በኋላ የታችኞቹ ቅጠሎች ደርቀው ስለሚረግፉ ፎቶው አሳንሶ ያስቆጥራል። መፍትሔው አምስተኛው ቅጠል ላይ በጊዜ ክር አላልቶ ማሰር ነው፤ በኋላ ቆጠራው ከክሩ ይቀጥላል። ፎቶ የማያሳየን ግን የአፈሩን እርጥበት ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ ከመስጠታችን በፊት አፈሩን በእጃችን ጨብጠን እናያለን፤ ደረቅ ከሆነ ዝናቡን እንጠብቃለን።