ማይኩ ተሰክቷል፤ ኮምፒውተሩ የሚሰማው ግን በየትኛው ነው?

አዲስ ማይክ ገዝቶ ላፕቶፑ ላይ የሰካ ሰው ቅሬታው ብዙ ጊዜ «አይሰራም» የሚል አይደለም። «መስራቱን ይሰራል፤ ግን ከድሮው ምኑ ተሻለ?» ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ቅሬታ ስሰማ ማይኩን አልጠረጥርም። ላፕቶፕ የራሱ ማይክ ተገጥሞለት ነው ከፋብሪካ የሚወጣው፤ ብዙውን ጊዜ ከካሜራው ግራና ቀኝ ያሉት የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ነጥቦች እነሱ ናቸው። አዲሱ ማይክ ደረት ላይ ተሰክቶ ሳለ ድምፁን የሚቀዳው አሮጌው ሊሆን ይችላል። ድምፅ እስከገባ ድረስ ኮምፒውተሩ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ይህን ለማጣራት ጥፍር ይበቃል። ድምፅ የሚቀዳ ማንኛውንም ፕሮግራም ይክፈቱና አዲሱን ማይክ በጥፍርዎ ቀስ አድርገው ይቧጥጡት፤ ቀጥሎ የላፕቶፑን ካሜራ ዙሪያ ይቧጥጡ። መልሰው ሲያዳምጡት ጆሮ የሚበጣው የትኛው ነው? ኮምፒውተሩ እየሰማበት ያለው ማይክ እሱ ነው። መናገር ግን አያጣራም፤ ሁለቱም ማይኮች ክፍሉ ውስጥ ስላሉ ድምፅዎ ለሁለቱም ይደርሳል።

ነገሩ ለምን እንደሚደበላለቅ ለመረዳት ማይክ በሁለት ዓይነት በር እንደሚገባ ማወቅ ይጠቅማል። በዩኤስቢ የሚሰካ ማይክ ገና እንደተሰካ ራሱን ያስተዋውቃል፤ የድምፅ ዕቃ መሆኑንና ስሙን ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ለእንዲህ ዓይነት ዕቃዎች ሁሉም አምራች የሚከተለው የጋራ ደንብ ስላለ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ከራሱ አውጥቶ ይሰጠዋል። ስለዚህ አብዛኞቹ የዩኤስቢ ማይኮች ከኢንተርኔት የሚወርድ ምንም ነገር አይፈልጉም።

ክቡ ቀዳዳ፣ የሄድሴቱ ጃክ፣ እንዲህ አይነጋገርም። እዚያ ያለው ብረት ከብረት መነካካቱ ብቻ ነው። ላፕቶፑ የሆነ ነገር መግባቱን ያውቃል፤ ምን እንደገባ ግን ከኤሌክትሪኩ ሁኔታ ተነስቶ ይገምታል። ግምቱ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል።

አንዲት የማውቃት መምህርት አዲስ አበባ ሆና አሜሪካ ለሚያድጉ ልጆች አማርኛ በዙም ታስተምራለች። ከተማሪዎቿ የአንዱ እናት «እህቴ፣ ድምፅሽ እየራቀብን ነው» ስላለቻት ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ ገዛች። ላፕቶፑ ያለው አንድ ክብ ቀዳዳ ነው፤ አጠገቡም ማይክ ያለው ሄድሴት ተስሎበታል። ሰካችው። ወዲያው የላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ ዝም አለ፤ የማይኮቹ ዝርዝር ላይ ግን አዲስ ስም አልመጣም። ማይኩ ላፕቶፑን ያበላሸባት መስሏት ደነገጠች።

የተበላሸ ነገር አልነበረም። የማይኩን ጃክ ጫፍ ቀረብ አድርጎ ያየ ሰው መልሱን እዚያው ያገኘዋል። ብረቱ ላይ ያሉት ጥቁር ቀለበቶች ሁለት ነበሩ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያላቸው ላፕቶፖችና ስልኮች የሚጠብቁት ሦስት ቀለበት ያለው ጃክ ነው፤ ሦስቱ ቀለበቶች ብረቱን አራት ቦታ ይከፍሉታል፤ ሁለቱ ለግራና ለቀኝ ጆሮ፣ አንዱ ለጋራ መመለሻ፣ አንዱ ለማይክ። ሁለት ቀለበት ያለው ጃክ ሲገባ የማይኩ ቦታ ከመመለሻው ጋር በአንድ ብረት ይያያዛል። ላፕቶፑም ማይክ የሌለው ተራ የጆሮ ማዳመጫ ገባ ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ ድምፁን ከማጉያው ነጥቆ ወደ «ማዳመጫው» ላከው፤ ማይክ ደግሞ ስላላየ ዝርዝሩ ላይ አልጨመረም። ማጉያው ዝም ማለቱና ዝርዝሩ አለመለወጡ አንድ ላይ ከታዩ ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ይሄው ነው።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው አንዱን ቀዳዳ ለሁለት የሚከፍል አጭር ገመድ ነው፤ በአንድ በኩል ሦስት ቀለበት ያለው ጃክ፣ በሌላው በኩል ለማይክና ለማዳመጫ የተለዩ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። ሁለተኛው በዩኤስቢ የሚሰካ አውራ ጣት የምታህል የድምፅ ካርድ ናት፤ እሷም ሁለት ቀዳዳ አላት፤ ብዙ ጊዜ ሮዝዋ ለማይክ፣ አረንጓዴዋ ለማዳመጫ። እኔ ሁለተኛዋን እመርጣለሁ፤ ግምት ውስጥ የገባውን ማይክ ራሱን ወደሚያስተዋውቀው በር ታሸጋግረዋለችና። መምህርቷም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ካርዷ ስትሰካ ወደ ዊንዶውስ ሴቲንግ መግባት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 11 ላይ Settings፣ ከዚያ System፣ ከዚያ Sound ይከፈታል። ገጹ ላይ ላዩን Output ይላል፤ ድምፅ የሚወጣበት ነው። ዝቅ ሲሉ Input የሚለው ይመጣል፤ ድምፅ የሚገባበት፣ የእኛ ጉዳይ። እዚያ የተገጠሙት ማይኮች በየስማቸው ተደርድረው አንዱ ተመርጦ ይገኛል። ዊንዶውስ 10 ላይም መንገዱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ስሞቹ ወደ ታች በሚዘረጋ ሳጥን ውስጥ መሆናቸው ነው።

ስሞቹ ሰው እንዲረዳቸው ታስበው የተጻፉ አይመስሉም። የመምህርቷ ዝርዝር ላይ አንዱ Microphone Array ሲል ሌላው USB PnP Sound Device ይላል፤ የገዛችው ማይክ ካርቶን ላይ ያለው ስም የትም አልነበረም። ሊኖርም አይችልም፤ ራሷን ያስተዋወቀችው ካርዷ እንጂ ማይኩ አይደለምና። Array የሚለው ላፕቶፑ ላይ የተገጠሙት ጥንድ ማይኮች ናቸው። ከስም ጋር ከመጣላት ግን ዝርዝሩን እያዩ ካርዷን ነቅሎ መልሶ መሰካት ይቀላል። ስትነቀል የሚጠፋው፣ ስትሰካ የሚመለሰው ስም አዲሱ ነው። ስሙን ከተጫኑት በኋላ በሚመጣው ገጽ Rename ብለው «የኮሌታ ማይክ» ብለው ቢሰይሙት ሁለተኛ አይቸገሩም።

ከመረጡት በኋላ እዚያው ስር Input volume የሚል መስመር አለ፤ ሲናገሩ አብሮ የሚንቀሳቀስ አሞሌም ይታያል። እዚህም ላይ ጥፍርዎን ይጠቀሙ። ማይኩ ሲቧጠጥ አሞሌው ዘሎ ጫፍ ሊደርስ ይገባል። ላፕቶፑ ሲቧጠጥ ብቻ የሚዘል ከሆነ ምርጫው አልተለወጠም ማለት ነው። አንድ ነገር ደግሞ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ዊንዶውስ አዲስ የድምፅ ካርድ ሲያይ አንዳንዴ Output የሚለውንም ወደ ካርዷ ያዞረዋል። ማዳመጫ ካልሰኩባት ማጉያው እንደገና ዝም ይላል። Output ስር የላፕቶፑን Speakers መልሶ መምረጥ ነው።

መምህርቷ ይህን ሁሉ አስተካክላ፣ አሞሌውም እየዘለለላት፣ በማግስቱ ክፍል ስትከፍት ያቺው እናት «ያው ነው» አለቻት።

የቀረው ዙም ነበር። የዊንዶውስ ምርጫ የራሳቸው ምርጫ የሌላቸውን ፕሮግራሞች ብቻ ነው የሚገዛው። ዙም፣ ቴሌግራም፣ ኢንተርኔት የምንከፍትበት ክሮምም ጭምር ማይክ የሚመርጡበት የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ቀድሞ የተመረጠላቸውንም ይዘው ይቆያሉ። ዙም ላይ ከማይኩ ምልክት ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ሲጫኑ የማይኮቹ ዝርዝር ይመጣል። ዙሙ አሁንም ምልክት ያደረገው Microphone Array ላይ ነበር። ወደ ካርዷ ሲዞር እናትየው በመሐል ዓረፍተ ነገር «አሁን! አሁን መጣሽ!» አለች። እዚያው ዝርዝር ላይ Same as System የሚል ምርጫም አለ፤ እሱ ከተመረጠ ዙም ዊንዶውስን ይከተላል። ማይክ ለሚቀያይር ሰው ይሄኛው ይሻላል፤ ማይኩ አንድ ለሆነ ግን በስሙ መርጦ መተው የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ድምፅ ለማረም ኦዳሲቲን የሚጠቀሙ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቁ። ኦዳሲቲ የድምፅ ዕቃዎችን የሚቆጥረው ሲከፈት ነው። ከፍተውት ሳለ የሰኩት ማይክ ዝርዝሩ ላይ አይታይም፤ Rescan Audio Devices የሚለውን መጫን ወይም ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት ያስፈልጋል።

ስሙ Input ስር ጭራሽ ካልመጣስ? የዩኤስቢ ከሆነ መጀመሪያ ሌላ ቀዳዳ ላይ ይሞክሩት፤ በማከፋፈያ የተሰካ ከሆነ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ። ከዚያ ዊንዶውስና R የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው በሚመጣው ሳጥን ይህን ይጻፉ፦

```
mmsys.cpl
```

የድሮው የድምፅ መስኮት ይከፈታል። Recording የሚለውን ገጽ ይምረጡ፤ ባዶው ቦታ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው Show Disabled Devices የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። አንድ ቀን የሆነ ሰው ወይም ፕሮግራም አጥፍቶት የነበረ ማይክ ደብዝዞ ብቅ ይላል፤ እሱም ላይ በቀኝ ቁልፍ Enable ይባላል።

ስሙ ኖሮ አሞሌው ንቅንቅ ካላለ ደግሞ ማይኩ ወይም ገመዱ ላይ ያለችውን ማጥፊያ ይመልከቱ፤ ብዙ «ብልሽት» እዚያ ያልቃል። አሞሌው እየዘለለ አንድ ፕሮግራም ብቻ ደንቆሮ ከሆነ ግን ነገሩ የፈቃድ ነው። Settings ውስጥ Privacy & security፣ ከዚያ Microphone ይግቡ። Let desktop apps access your microphone የሚለው ከተዘጋ ዙምና መሰሎቹ ዝምታ ብቻ ነው የሚደርሳቸው።

በብሉቱዝ የሚገናኝ ማዳመጫ እንደ ማይክ ሲመረጥም የሚገርም ነገር ይከሰታል። ሲሰሙት የነበረው ዘፈን ድንገት የስልክ ጥሪ ይመስላል። የተለመደው የብሉቱዝ አሠራር ማይኩ ሲከፈት ማዳመጫውን ወደ ጥሪ ሁኔታ ያዞረዋል፤ በዚያ ሁኔታ ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሄድ ጥራቱ ይቀነሳል። ማዳመጫውን ለመስማት ብቻ ትተው Input ላይ የላፕቶፑን ወይም በገመድ የተሰካውን ማይክ ሲመርጡ ዘፈኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ማይክ ሊገዙ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑን ይዞ ሱቅ መሄድ ነው። ባለሱቁ ፊት ሰክቶ፣ Input ስር ስሙ ሲመጣ አይቶ፣ ማይኩን በጥፍር ቧጥጦ ለመጨረስ ከደቂቃዎች አያልፍም። ስልክ ላይ ብቻ ሞክሮ «ይኸው ይሰራል» የሚል ሻጭ አይዋሽም፤ የስልኩ ቀዳዳና የእርስዎ ላፕቶፕ ግን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።