2፡15 ማለት 2.15 አይደለም

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሎምፒክ በባዶ እግሩ የሮጠውን ማራቶን የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነበር። ርቀቱ 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። ጥያቄው «አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነበር?» የሚል ቢሆን ብዙ ተማሪ ርቀቱን ለጊዜው ማካፈል እንዳለበት ያውቃል። ስህተቱ የሚመጣው ከዚያ በፊት ነው፤ ጊዜውን 2.15 ብሎ በካልኩሌተር ላይ ሲጽፍ።

42.195ን ለ2.15 ስናካፍል በሰዓት 19.6 ኪሎ ሜትር ገደማ እናገኛለን። ቁጥሩ ለሯጭ የሚመስል ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። ነገር ግን ከነጥብ በኋላ ያለው 15 የሚቆጠረው ከ100 ነው፤ ደቂቃ ግን የሚቆጠረው ከ60 ነው። የአንድ ሰዓት 0.15 እጅ 9 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ስሌት አበበን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ አስገብቶታል ማለት ነው። አበበ ራሱ ከ4 ዓመት በኋላ በቶኪዮ ክብረ ወሰኑን ሲያሻሽል እንኳ የገባው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ከትንሹ መለኪያ ይነሳል። 16 ሴኮንድ ለ60 ሲካፈል 0.27 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ይህን 15 ላይ ስንጨምር 15.27 ደቂቃ እናገኛለን። እሱም እንደገና ለ60 ሲካፈል 0.254 ሰዓት ይሆናል። ጠቅላላው ጊዜ እንግዲህ 2.254 ሰዓት ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት 18.7 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ውጤቱን በሌላ በኩል መፈተሽ ይቻላል። ሁሉንም ወደ ትንሹ መለኪያ ብናወርደው ርቀቱ 42,195 ሜትር፣ ጊዜው 8,116 ሴኮንድ ይሆናል። ስናካፍል በሴኮንድ 5.2 ሜትር ይወጣል፤ ማለትም አበበ እያንዳንዱን 100 ሜትር በአማካይ በ19 ሴኮንድ ገደማ ይሮጥ ነበር። ይህን ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመመለስ በ3.6 እናባዛለን። 3.6 ብዙዎች በቃል የሚይዙት ቁጥር ነው፤ ምንጩ ግን ቀላል ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 3,600 ሴኮንድ አለ። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሄድ ሰው በሰዓት 3,600 ሜትር ይሄዳል፤ ያም 3.6 ኪሎ ሜትር ነው። ማባዛት ነው ወይስ ማካፈል የሚለው ከጠፋብዎት ይህን ቀርፋፋ እግረኛ ማሰብ ይበቃል፤ በኪሎ ሜትር በሰዓት የሚጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ በሜትር በሴኮንድ ከሚጻፈው ይበልጣል።

አንዳንድ ጥያቄ ደግሞ መለኪያዎቹን ሆን ብሎ ያደባልቃል። «ርዝመቱ 180 ሜትር የሆነ ባቡር በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ 420 ሜትር ርዝመት ያለውን ድልድይ ሙሉ በሙሉ ለማለፍ ስንት ሴኮንድ ይፈጅበታል?» እንበል። የባቡሩ ጭራ ከድልድዩ እስኪወጣ ድረስ ግንባሩ 600 ሜትር መሄድ አለበት። የቸኮለ ተማሪ 600ን ለ72 አካፍሎ 8.3 ያገኛል። ግን 8.3 ምን? ሰዓት ከሆነ ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሊያመሽ ነው። ሴኮንድ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 260 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥያቄው ግን 72 ነው ያለው። ሜትር በኪሎ ሜትር ስለተካፈለ 8.3 የማንም መልስ አይደለም።

ጥያቄው መልሱን የፈለገው በሴኮንድ ነው፤ ርቀቱም በሜትር ተሰጥቷል። ስለዚህ መቀየር ያለበት ፍጥነቱ ብቻ ነው። 72 ለ3.6 ሲካፈል በሴኮንድ 20 ሜትር ይሆናል፤ 600 ለ20 ሲካፈል ደግሞ 30 ሴኮንድ። መጀመሪያ የጥያቄውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አንብቦ መልሱ በምን መለኪያ እንደተፈለገ ማወቅ፣ የትኛውን ቁጥር መለወጥ እንደሚገባ ይነግረናል።

በመቀየሩ ላይ ሳሉ ቁጥርን ቶሎ ማጠጋጋትም ያሳስታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ20 ደቂቃ የሚጓዘው ልክ 20 ኪሎ ሜትር ነው። 20 ደቂቃን 0.33 ሰዓት ብሎ ያባዛ ተማሪ ግን 19.8 ያገኛል። አንድ ሦስተኛ ብሎ በክፍልፋይ ቢተወው ቀሪዋ 200 ሜትር አትጠፋም ነበር። እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ መለኪያውን አብሮ መጻፍም ስህተትን ቀድሞ ያጋልጣል፤ «600 ሜትር ለ72 ኪሎ ሜትር በሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ስሌት ገና ሳይካፈል ያስታውቃል።